የማሩ ጠርሙስና የቁርስ ጠረጴዛው፤ ፊደሉ ሳይበላሽ ሁለት ፎቶ ማዋሐድ



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤተሰብ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ አክስቴ አንድ ሥራ ሰጠችኝ። አክስቴ ማር በአፈ ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙስ እያደረገች ትሸጣለች። ጠርሙሱ ቢጫ የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ በሆዱ ላይ ደግሞ የማሩ ስም፣ የመጣበት ወረዳና «500 ግራም» የሚል ጽሑፍ ያለበት መለያ ወረቀት ተለጥፎበታል። «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል? ይህን ጠርሙስ እንዲያው ከቁርስ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዳቦና ከሻይ ጋር የተቀመጠ አስመስለህ አንሣልኝ» አለችኝ። እኔም «ቀላል ነው» አልሁ።

ቀላል አልነበረም። ጠርሙሱን ከአንድ ፎቶ፣ ጠረጴዛውን ከሌላ ፎቶ ወስጄ ሳጣብቃቸው የመለያው ፊደል ደበዘዘብኝ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ጽሑፉን በራሴ እጅ በኮምፒውተር ፊደል ደግሜ ጻፍሁት። በዚያ ላይ ጠርሙሱ አጠገቤ ስላልነበረ ክብደቱን በግምት «750 ግራም» አልሁ። ፎቶው በስልክ ተበተነ። ከሳምንት በኋላ ሦስት ገዢዎች «በፎቶው ያለውን ትልቁን ስጪን» ብለው መጡ። አክስቴ አፍራ ለሦስቱም ልዩነቱን ከሌላ ጠርሙስ እየቀዳች ሞላችላቸው። እኔን አልተቆጣችኝም፤ «ሚዛን ያጎደልሁ አስመሰልኸኝ» ብቻ አለች። ከቁጣ የባሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ሠራሁት። የተማርሁትን ነገር በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የሥራው ሁሉ መሠረት አንድ ደንብ ነው፤ ጠርሙሱ አይነካም፣ የቀረው ሁሉ ለጠርሙሱ ይገዛል። ፊደሉን የምናሳምረው ፎቶ ስናነሣ እንጂ በኋላ ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

ሀ. ፊደል ለምን ደግሞ አይጻፍም?

በመጀመሪያ ይህን ጥያቄ እንመልስ። ብዙ ሰው «ስሙን አውቀዋለሁ፣ ልጻፈው» ይላል። የክብደት ስሕተቱን ትተን እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ ጠርሙስ ክብ ነው።

መለያው በክብ አካል ላይ ስለተጠቀለለ መካከሉ ላይ ያለው ፊደል ፊት ለፊት ሲያየን፣ ወደ ጎን ያለው ፊደል ፊቱን እያዞረ ይሄዳል። የሚታየው ስፋት በመዞሪያው ማዕዘን ኮሳይን ይባዛል። ማዕዘኑ 0 ዲግሪ ሲሆን ፊደሉ ሙሉ ስፋቱን ያሳያል፤ 60 ዲግሪ ሲዞር ኮሳይኑ 0.5 ስለሆነ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቁመቱ ግን አይቀንስም። ከዚህም ሌላ ከላይ ወደ ታች ስናይ የጽሑፉ መስመር ቀጥ አይልም፤ እንደ ጀልባ ሆድ መካከሉ ወደ ታች ይጎብጣል። በገበታ የተጻፈ ቀጥ ያለ ጽሑፍ ይህን ሁሉ አያደርግም። ለዚህ ነው ደግሜ የጻፍሁት ጽሑፍ ከጠርሙሱ ፊት ለፊት በአየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስለው። ሰው ምክንያቱን ባይናገርም ዓይኑ «ይህ ነገር ውሸት ነው» ይለዋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይጠነቀቁለታል። በ እና ቡ፣ ለ እና ሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ፎቶው ሲያንስ ወይም ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት። ስለዚህ አንድ ቃል ሳይታወቅ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል።

ለ. ካሜራው የት ይቁም?

ሁለት ፎቶ የሚጋጩት አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው በሁለቱ ላይ በተለያየ ከፍታ ስለቆመ ነው። ጠረጴዛው ከላይ ወደ ታች ታይቶ፣ ጠርሙሱ ግን ፊት ለፊት ታይቶ ከሆነ ጠርሙሱ ወደ ፊት ሊወድቅ ያለ ይመስላል። ይህን በመዳፊት ማስተካከል አይቻልም። ጠርሙሱን ብትለጥጡት ፊደሉ አብሮ ይለጠጣል።

መፍትሔው ከጠረጴዛው ፎቶ ውስጥ ካሜራውን መልሶ መፈለግ ነው። በእኔ የጠረጴዛ ፎቶ ላይ ክብ ሰሐን ነበር። ክብ ነገር በሰያፍ ሲታይ ሞላላ ይሆናል። የሞላላውን ቁመት ለስፋቱ ብናካፍል የምናገኘው ቁጥር ካሜራው ወደ ታች ያየበት ማዕዘን ሳይን ነው። ሰሐኑ በፎቶው ላይ 1320 ፒክስል ስፋትና 660 ፒክስል ያህል ቁመት ነበረው። 660 ለ1320 ሲካፈል 0.5 ነው። ሳይኑ 0.5 የሆነ ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ካሜራው ሰሐኑን ያየው በ30 ዲግሪ ቁልቁል ነው ማለት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተማርነው ትሪጎኖሜትሪ ለማር ሻጭ ያገለግላል ብሎ ማን ገመተ!

የጠረጴዛውን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ራሴ ስለነበርሁ ርቀቱንም አስታወስሁ፤ ስልኩ ከሰሐኑ በአግድም 45 ሳንቲሜትር፣ ከጠረጴዛው ወለል ደግሞ ወደ 26 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ጠርሙሱንም ልክ በዚሁ ርቀትና ከፍታ፣ በዚያው ስልክ፣ ዙም ሳላደርግ አነሣሁት። ስልኩን የያዘልኝ የመጽሐፍ ቁልል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የጠርሙሱ ክዳን ከጠረጴዛው 12 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ካሜራው ከክዳኑ በላይ የሚቀረው 14 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ክዳኑን የሚያየው ከሰሐኑ ይልቅ አግድም ሆኖ ነው። ሲሰላ የክዳኑ ሞላላ ወደ 0.3 ይወርዳል፣ የጠርሙሱ መቀመጫ ግን 0.5 ይሆናል። ክዳኑ ጠፍጣፋ፣ መቀመጫው ክብ መስሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ትክክሉ እርሱ ነው። ሁለቱን እኩል ለማድረግ የሚሞክር ሰው የጠርሙሱን ቅርጽ ያበላሻል።

ስልኩና ርቀቱ አንድ ሲሆኑ ሌላ ጥቅም ይገኛል፤ የጠርሙሱ መጠን ራሱ ይገጥማል። 24 ሳንቲሜትሩ ሰሐን 1320 ፒክስል ከሆነ አንድ ሳንቲሜትር 55 ፒክስል ነው። 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጠርሙስ 440 ፒክስል ገደማ መሆን አለበት። ለክቼ አየሁት፤ ልክ መጣ። እንግዲህ ማሳነስም ማተለቅም አላስፈለገኝም። የግድ ማሳነስ ካስፈለገ ከመጀመሪያው ፎቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስፋትና ቁመቱ ተቆላልፎ ይሁን። አሳንሶ መልሶ ማተለቅ ግን ቅጥያዎቹን ይበላል።

ሐ. ብርሃኑና ነጸብራቁ

ብርጭቆ የራሱ መልክ የለውም፤ የጎረቤቱን መልክ ይለብሳል። በጠርሙሱ ጎን ላይ የምናየው ነጭ ቀጥ ያለ መስመር የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው። በክዳኑ ላይ ያለውም ብልጭታ እንዲሁ። በጠረጴዛው ፎቶ ላይ መስኮቱ በግራ ነበር፤ ይህንንም የሻይ ብርጭቆው ጥላ ወደ ቀኝ መዘርጋቱ ያሳያል። እንግዲያው የጠርሙሱም ነጭ መስመር በግራ በኩል መሆን አለበት።

በመጀመሪያው ሙከራዬ መስኮቱ በቀኝ ነበር። ጓደኛዬ «ፎቶውን ገልብጠው፣ አለቀ» አለኝ። Flip የሚለውን ስጫነው ብርሃኑ ወደ ግራ ዞረ፤ «ማር» የሚለው ደግሞ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጦ ቁጭ አለ! ጽሑፍ ያለበት ነገር ፈጽሞ አይገለበጥም። ብርሃኑ ካልገጠመ ጠርሙሱን እንደ ገና ማንሣት ነው።

ስናነሣ የስልኩን ፍላሽ እናጥፋ። ፍላሹ ከፊት ስለሚመጣ በመለያው መካከል ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ከነጠብጣቡ በታች ያለው ፊደል ደግሞ ጠፍቷል፣ ከየትም አይመለስም። መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ነጠላ ብንጋርድ ብርሃኑ ለስለስ ይላል፤ ነጸብራቁም ሰፋ ያለና ዳር ላይ የሚቀር ይሆናል። ነጸብራቁ ፊደሉ ላይ ከወጣ ጠርሙሱን ሳይሆን መስኮቱን አስቡ፤ ጠረጴዛውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅሱት መስመሩ ወደ ጠርሙሱ ዳር ይሸሻል።

ሌላው ነገር ብርጭቆ ወደ ውስጥም ማሳየቱ ነው። ከማሩ በላይ ባለው ባዶ አንገት በኩል ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ነገር ይታያል። በነጭ ግድግዳ ፊት ብናነሣው አንገቱ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ ቡናማ ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው «ተለጠፍሁ» ብሎ ይናገራል። እኔ ከጀርባው የጠረጴዛውን ቀለም የመሰለ ቡናማ ብርድ ልብስ ሰቀልሁ፤ ከሥሩም ያንኑ የመሰለ ጣውላ አደረግሁ። ይህ ብቻ ግማሹን ሥራ ጨረሰልኝ፤ ምክንያቱም ቡናማው ነጸብራቅ በብርጭቆው ዳርና በክዳኑ ጠርዝ ላይ በራሱ ታተመ።

መ. ቆርጦ ማውጣት

ለዚህ ሥራ GIMP የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ተጠቀምሁ። የጠረጴዛውን ፎቶ ከፍቼ ጠርሙሱን ከላዩ እንደ ሌላ ሌየር አመጣሁት። ሌየር ማለት አንዱ ከሌላው በላይ የተነባበረ ግልጽ ወረቀት እንደማለት ነው።

ጠርሙሱን ለመክበብ Paths የሚለውን መሣሪያ መረጥሁ። ቀለም እየለየ በራሱ የሚመርጠው መሣሪያ ለብርጭቆ አይሆንም፤ የብርጭቆው ዳርና የጀርባው ቀለም ስለሚመሳሰል እየዘለለ ይቆርጣል። በPaths ግን ጥቂት ነጥብ ተክሎ መስመሩን ማጉበጥ ነው። መስመሩ ከጠርሙሱ ጠርዝ አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ የድሮው ጀርባ እንደ ክር ዙሪያውን ይከተለዋል። ከዚያ መስመሩን ወደ ምርጫ ለውጦ በSelect > Feather አንድ ፒክስል ማለስለስ ነው፤ በምላጭ የተቆረጠ ወረቀት እንዳይመስል።

ቀጥሎ Layer > Mask > Add Layer Mask ብሎ Selection የሚለውን መምረጥ ነው። ላጲስ አይነካም። በላጲስ የጠፋ ጠፋ፤ በማስክ የተሸፈነ ግን በነጭ ብሩሽ ሲቀቡት ይመለሳል። በባዶው አንገት ላይ ማስኩን በቀላል ግራጫ ብሩሽ ነካ ነካ ባደርገው የጠረጴዛው ጀርባ በጥቂቱ አሳለፈ፤ ብርጭቆነቱም ጎላ። በመለያውና በማሩ ላይ ግን ማስኩ ፍጹም ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ቀለምን በተመለከተ አጭር እናድርገው። የመለያውን ነጭ ወረቀትና በጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ሰሐን ጎን ለጎን እዩ። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ፣ ሰሐኑ ወደ ቢጫ ካደላ Color Temperature በሚለው የጠርሙሱን ሌየር ብቻ በጥቂቱ ማሞቅ ነው። ሁለቱ ነጮች ሲቀራረቡ ማቆም ነው። ከዚያ ካለፈ ማሩ ቀይ ይሆንና ገዢ ሌላ ዓይነት ማር ነው ብሎ ያስባል።

ሠ. ጥላው

ጠርሙሱ ያለ ጥላ ቢቀመጥ ይንሳፈፋል። ጥላው ሁለት ነው። የመጀመሪያው መቀመጫው ከጠረጴዛው ጋር በሚነካካበት ላይ ያለ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ነው፤ ጠርሙሱን መሬት የሚያስረግጠው እርሱ ነው። ሁለተኛው ወደ ቀኝ የሚዘረጋው ረጅሙ ጥላ ነው።

የረጅሙን ጥላ ልክ ከሻይ ብርጭቆው እንማራለን። በጠረጴዛው ፎቶ ላይ 8 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ብርጭቆ 12 ሳንቲሜትር ጥላ ጥሎ ነበር። አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ 12 ሳንቲሜትሩ ጠርሙስ 18 ሳንቲሜትር ጥላ ይጥላል፤ በዚያው አቅጣጫ። ከጠርሙሱ ሌየር በታች አዲስ ሌየር ከፍቼ፣ ሁኔታውን Multiply አድርጌ፣ በጥቁር ቡናማ ቀለም ሣልሁት። በጥቁር ብንሥለው ጉድጓድ ይመስላል። ከመስኮት የሚመጣ ብርሃን ሰፊ ስለሆነ ጥላው ከጠርሙሱ ሥር ጥርት ብሎ ይጀምርና እየራቀ ሲሄድ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ መጨረሻውን Gaussian Blur በሚባለው አለሰለስሁት።

ነገር ግን ማር ብርሃን ያሳልፋል። አንድ ጠርሙስ ማር መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ ጥላውን ብታዩ፣ በጥላው ውስጥ የወርቅ ቀለም ያለው ብርሃን ወድቆ ታገኛላችሁ። እኔም በጥላው መካከል ያንን ቀለም በስሱ ጨመርሁበት። ክዳኑና መለያው የጋረዱት ቦታ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። አክስቴ ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ የጠቆመችው ይህችን ብርሃን ነው፤ «ንጹሕ ማር እንዲህ ነው» አለች።

ረ. እንዴት ይመረመራል?

ሥራው ሲያልቅ ሦስት ምርመራ አደረግሁ።

አንደኛ፤ ዋናውን የጠርሙስ ፎቶ በሥራው ላይ አምጥቼ በትክክል አነባበርሁትና ሁኔታውን Difference አልሁት። ሁለቱ ፎቶ አንድ የሆኑበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። የመለያው ቦታ ጨልሞ ታየ፤ ቀለሙን ስላሞቅሁት ብቻ ደብዛዛ ሰማያዊ ነገር ቀርቶበታል። የፊደል ቅርጽ እንደ ጥንድ መስመር ሆኖ ቢታይ ግን ፊደሉ ተንቀሳቅሷል ወይም ተለጥጧል ማለት ነበር።

ሁለተኛ፤ እውነተኛውን ጠርሙስ በእጄ ይዤ መለያውን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው አነበብሁ። ወደ ፊት ሲያነቡ አእምሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ ወደ ኋላ ሲያነቡ ግን እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይታያል።

ሦስተኛ፤ ፎቶውን ገዢ በሚያየው መጠን አየሁት። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ሥር ነበር። 6 ሚሊሜትር ቁመት ያለው «500» በ4000 ፒክስል ሰፊ ፎቶ ላይ 33 ፒክስል ነው። ፎቶው ሲላክ ወደ 1280 ፒክስል ቢያንስ ቁጥሩ ወደ 10 ወይም 11 ፒክስል ይወርዳል፤ 5 ይሁን 6 መለየት ያቅታል። ስለዚህ የጠረጴዛውን ትርፍ ዳርቻ ቆርጬ ስፋቱን 2000 ፒክስል አደረግሁት። አሁን ቢያንስ እንኳ ቁጥሩ 21 ፒክስል ሆኖ ይቀራል፤ በሚገባም ይነበባል። ፎቶውንም ሳያሳንስ እንዲሄድ እንደ ፋይል ላክሁት።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ጠርሙሱ ተጨማድዶ የተለጠፈ መለያ ካለው ወይም ፎቶው በመጀመሪያ ደብዝዞ ከተነሣ የሚያድነው ነገር የለም። ጠርሙሱንና ጠረጴዛውን በአንድ ላይ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ ደግሞ አስቀምጦ ማንሣት ይሻላል። የእኔ ምክንያት አክስቴ ባለ 500 እና ባለ 1000 ግራም ጠርሙስ ስላላት፣ በአንድ ጠረጴዛ ፎቶ ለሁለቱም መሥራት ስለፈለግሁ ነው። ለባለ 1000 ግራሙ ጠርሙሱን ለብቻው አነሣሁት እንጂ ትንሹን ለጥጬ አላሳደግሁትም።

አዲሱ ፎቶ ከወጣ በኋላ አንዲት ገዢ ሱቁ መጥታ ጠርሙሱን አንሥታ በስልኳ ካለው ፎቶ ጋር አስተያየችው። አክስቴ ቆማ ጠበቀች። ሴትየዋ «ያው ነው» ብላ ከፈለች። እኔም ከጓሮ ሆኜ ሰማሁ።